ነጥብን ከጭረት የሚለይ ቁልፍ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 2022 ክላውድፍሌር በተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ኩባንያ የሚሠሩ ቢያንስ 76 ሰዎች አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተመሳሳይ የጽሑፍ መልእክት በስልካቸው ደረሳቸው። ለአንዳንዶቹ በሥራ ስልካቸው፣ ለሌሎቹ በግል ስልካቸው ነው የመጣው፤ ለቤተሰቦቻቸው ጭምር የተላከም ነበር። መልእክቱ «የሥራ ፕሮግራምህ ተቀይሯል፤ ለውጡን ለማየት እዚህ ንካ» የሚል ሲሆን አድራሻው cloudflare-okta.com ነው። ኦክታ ማለት የብዙ ኩባንያዎች ሠራተኞች ወደ ሥራ ሲስተማቸው የሚገቡበትን ገጽ የሚያቀርብ ድርጅት ነው፤ ክላውድፍሌርም ይጠቀምበት ነበር። ስለዚህ አድራሻው ላይ ላዩን ሲታይ የሚያስጠረጥር ነገር አልነበረውም። ገጹም ሲከፈት ቁርጥ የኦክታን መግቢያ ነው። አድራሻው የተመዘገበው መልእክቱ ከመላኩ 40 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ በፊት በመሆኑ፣ ኩባንያው በስሙ የሚከፈቱ አጠራጣሪ አድራሻዎችን የሚያድንበት ፕሮግራም እንኳ ገና አልደረሰበትም።

ሦስት ሠራተኞች ተታለሉ። ስማቸውንና የይለፍ ቃላቸውን ጽፈው አስገቡ። የኢንተርኔት ጥበቃ ሸጦ የሚያድር ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው እንግዲህ፤ «እኔ እንዲህ ባለ ነገር አልሸወድም» የሚል አንባቢ ካለ እዚህ ላይ ቆም ይበል። የጻፉት ሁሉ በዚያው ቅጽበት በቴሌግራም ወደ አጥቂው ሄደ። ሐሰተኛው ገጽ ቀጥሎ የሚጠይቀው ስልክ ላይ የሚታየውን፣ በየሠላሳ ሰከንዱ የሚቀያየረውን ባለስድስት አሃዝ ኮድ ነበር። አሠራሩ ግልጽ ነው፦ ሰውየው ኮዱን ሐሰተኛው ገጽ ላይ ሲጽፍ፣ አጥቂው ተቀብሎ ጊዜው ሳያልፍ እውነተኛው ገጽ ላይ ይጽፈዋል፤ ገባ ማለት ነው።

ክላውድፍሌር ዘንድ ግን አልገባም። ሠራተኞቹ ኮድ አይጠቀሙም፤ ለእያንዳንዳቸው ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ትንሽ የደኅንነት ቁልፍ ተሰጥቷቸዋል። አጥቂው ትክክለኛውን ስምና ትክክለኛውን የይለፍ ቃል ይዞ እውነተኛው በር ላይ ቆመ፤ ቁልፉ ሲጠየቅ የሚያቀርበው አልነበረውም። በዚያው ሰሞን በተመሳሳይ ስልት የተጠቃው ትዊሊዮ የተባለ ኩባንያ ግን ሠራተኞቹ በመታለላቸው የደንበኞቹ መረጃ ታይቶበታል። ከደንበኞቹ አንዱ ሲግናል የተባለው የመልእክት መተግበሪያ ስለነበር፣ 1,900 ያህል የሲግናል ተጠቃሚዎች ስልክ ቁጥራቸው ሊታይ ይችል እንደነበር ተነግሯቸዋል።

በዚያ በሚሰካ ቁልፍ ውስጥ ያለው አሠራር ነው ዛሬ በኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ ገብቶ ፓስኪ የተባለው። አፕል፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት በጋራ እንደሚያስፋፉት ያስታወቁት በዚያው ዓመት በሜይ ወር ነበር። አይፎን በሴፕቴምበር 2022 ከወጣው ከአይኦኤስ 16 ጀምሮ፣ የጉግል አካውንት ደግሞ ከሜይ 2023 ጀምሮ ይቀበሉታል። ብዙ ሰው በጣት አሻራ መግባት ነው ብሎ ያልፈዋል። የጣት አሻራው ግን የነገሩ ጥቂቱ ክፍል ነው። ሦስቱን የክላውድፍሌር ሠራተኞች ያዳነውም አሻራ አይደለም።

የይለፍ ቃል ችግሩ አጭር ወይም ቀላል መሆኑ ብቻ አይደለም። ችግሩ የሚነገር ነገር መሆኑ ነው። ለመግባት ምስጢሩን ለጠያቂው መንገር አለብን፤ ከነገርነው በኋላ ደግሞ የሰማው ሁሉ እኛን መሆን ይችላል። ጠያቂው ሐሰተኛ ከሆነ አለቀ። እውነተኛ ቢሆንም ምስጢሩን ወይም ምስጢሩን ለማረጋገጥ የሚረዳውን ነገር መዝገቡ ውስጥ ማስቀመጥ ስላለበት፣ የእኛ ጥንቃቄ በእሱ ጥንቃቄ ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ የተባለ ኩባንያ መዝገብ ሲሰበር ከ32 ሚሊዮን በላይ የይለፍ ቃሎች እንደተጻፉ፣ ያለ አንዳች መሸፈኛ ተገኝተዋል። አንድን ቃል ለኢሜይሉም፣ ለፌስቡኩም፣ ለሥራውም የተጠቀመ ሰው በአንዱ ቤት መሰበር ሁሉንም ያጣል። በአጭር መልእክት የሚመጣው ኮድም ቢሆን እድሜው አጠረ እንጂ ያው የሚነገር ነገር ነው። እኛ አገር የቴሌግራም አካውንት የተነጠቀባቸው ሰዎች ታሪክ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ከሚያውቁት ሰው ስም «በስህተት ወደ አንተ የተላከ ኮድ አለ፣ ላክልኝ» የሚል መልእክት ይመጣል፣ እነሱም ይልካሉ።

ፓስኪ ይህን ከሥሩ ይለውጠዋል፤ የሚነገር ነገር የለም።

እንዴት? አንድ ሰው በጉግል አካውንቱ ላይ ፓስኪ ልክፈት ሲል ስልኩ በዕጣ አንድ ግዙፍ ቁጥር ያወጣል። በተለመደው አሠራር ቁጥሩ 256 ቢት ነው፤ በአሃዝ ቢጻፍ እስከ 78 አሃዝ ይደርሳል። ይህ ምስጢራዊው ቁልፍ ነው። ከዚያ ስልኩ በተወሰነ የሒሳብ ስሌት ከዚህ ቁጥር ሁለተኛ ቁጥር ያወጣል፤ ይህኛው ይፋዊው ቁልፍ ይባላል። ስሌቱ ወደ ፊት ሲሄድ ለስልኩ የቅጽበት ሥራ ነው፤ ወደ ኋላ ግን፣ ማለትም ከይፋዊው ተነስቶ ምስጢራዊውን ለማግኘት፣ የዛሬ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ቢተባበሩ አይወጡትም። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1976 ለዓለም ያቀረቡት ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። ስለዚህ ነገሩ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ነገር ተራው ሰው ኪስ ውስጥ መግባቱ ነው።

ወደ ጉግል የሚሄደው ይፋዊው ቁልፍ ብቻ ነው። ምስጢራዊው አይላክም። ነገ የጉግል መዝገብ ቢሰበር ሌባው የሚያገኘው ለማረጋገጫ እንጂ ለመግቢያ የማይሆን ቁጥር ነው። ፓስኪው የሚፈጠረው ደግሞ ለአንድ ድረ ገጽ ብቻ ነው። ለሌላ አገልግሎት ፓስኪ ሲከፈት ስልኩ ሌላ ዕጣ ያወጣል፤ አንዱ ከሌላው ጋር ዝምድና የለውም።

መግባቱ ሲመጣ እንዲህ ነው። ድረ ገጹ ለዚያች ቅጽበት ብቻ የተፈጠረ፣ ትርጉም የሌለው፣ ቢያንስ 16 ባይት የሚሆን የዘፈቀደ የፊደልና የቁጥር ድርድር ወደ ስልኩ ይልካል፤ «አንተ ከሆንክ በዚህ ላይ ፈርም» እንደማለት ነው። ስልኩ ባለቤቱን በአሻራ፣ በፊት ወይም በስክሪን መክፈቻው ቁጥር ያረጋግጥና በምስጢራዊው ቁልፍ ይፈርምበታል። ፊርማው 70 ባይት ገደማ የሆነ ቁጥር ነው። ድረ ገጹ ፊርማውን ቀድሞ ካስቀመጠው ይፋዊ ቁልፍ ጋር ያስተያያል፤ ከገጠመ በሩ ይከፈታል።

በየመሥሪያ ቤቱ እንደምናውቀው ማኅተም ነው። ማኅተሙን አይቶ የማን እንደሆነ መለየት ማንም ይችላል፤ መምታት የሚችለው ግን በመሳቢያው ቆልፎ የያዘው ኃላፊ ብቻ ነው። ደብዳቤውን ለማጽደቅ ማኅተሙን ለባለጉዳይ አሳልፎ አይሰጥም። የይለፍ ቃል ማኅተሙን ራሱን በየመስኮቱ እንደማቀበል ነበር። ልዩነት ቢኖር፣ የመሥሪያ ቤት ማኅተም ተቀርጾ ይጭበረበራል። የስልኩ ፊርማ ግን ከተፈረመበት ጽሑፍ ጋር በስሌት ስለሚተሳሰር አንዲት ፊደል ብትለወጥ አይገጥምም፤ የትናንቱ ፊርማም ለዛሬ አይሆንም።

አሁን ወደ ክላውድፍሌር እንመለስ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና። አጥቂው ብልህ ነው እንበል። እውነተኛውን ገጽ ራሱ ከፍቶ የሚፈረምበትን የዘፈቀደ ድርድር ይቀበልና በሐሰተኛው ገጽ በኩል ለሠራተኛው ያቀብላል። ሠራተኛው አሻራውን አስነክቶ ቢፈርምለት፣ ያንኑ ፊርማ ለእውነተኛው ገጽ አሳልፎ ይሰጣል። በኮድ ላይ የሠራው ስልት በፊርማ ላይ ለምን አይሠራም?

የማይሠራው የሚፈረመው ድርድሩ ብቻ ስላልሆነ ነው። ብሮውዘሩ፣ ማለትም ክሮም ወይም ሳፋሪ፣ ከላይ አድራሻው ላይ ያነበበውን ራሱ ጨምሮ አንድ አጭር ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ ፊርማው የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው። በሐሰተኛው ገጽ ላይ ቢዘጋጅ ይህን ይመስል ነበር፦

```
{
  "type": "webauthn.get",
  "challenge": "7Yp0Qm3xVJkTz1cLr9WbHg",
  "origin": "https://cloudflare-okta.com"
}
```

ሦስተኛውን መስመር ገጹ አይሞላውም፤ ተጠቃሚውም አይሞላውም። ብሮውዘሩ ብቻ ነው የሚጽፈው፣ እሱ ደግሞ የገጹ መልክ አያታልለውም፤ አርማና ቀለም አያይም። እንዲህ ያለ ፊርማ እውነተኛው ኦክታ ዘንድ ቢደርስ «ይህ እኔ ላይ የተፈረመ አይደለም» ተብሎ ይጣላል። እንዲያውም ነገሩ እዚያ ድረስ አይሄድም። ፓስኪው ሲፈጠር okta.com ከሚለው ስም ጋር ታስሯል እንበል። የሚሠራው አድራሻው ራሱ okta.com ሲሆን ወይም በነጥብ ተለይቶ በ .okta.com ሲያልቅ ነው። cloudflare-okta.com ግን ከ okta በፊት ያለው ጭረት እንጂ ነጥብ አይደለም፤ ስለዚህ ለማንም ሊመዘገብ የሚችል ሌላ ስም ነው። ስልኩ ለዚህ ስም የሚሆን ፓስኪ ሲፈልግ ያጣል፤ ያጣውን ሊያቀርብ አይችልም። ሠራተኛው ሙሉ በሙሉ አምኖ፣ ተቻኩሎ፣ እያዛጋም ቢሆን አሳልፎ ሊሰጥ የሚችለው ነገር የለም።

ለዓመታት የኢንተርኔት ጥንቃቄ ትምህርት ሁሉ «አድራሻውን አይታችሁ ንኩ» የሚል ነበር። እኔ በዚህ ምክር ብዙም አላምንም። በትንሽ ስክሪን ላይ፣ በታክሲ ውስጥ፣ ነጥብን ከጭረት ለይ ማለት ሰውን ለማይችለው ሥራ መቅጠር ነው። ከሩስያ ፊደል የተወሰደች «а» ከላቲኗ «a» ጋር ለዓይን አንድ ናት፤ ለማሽን ግን ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ማሽን የሚችለውን ለማሽን መተው ነው።

ስለ አሻራው የሚነሳ ስጋት አለ፦ «አሻራዬን ለጉግል ልሰጥ ነው ወይ?» የሚል። አይደለም። አሻራውም ሆነ ፊቱ ከስልኩ አይወጣም፤ ሥራው ስልኩን ለፊርማ ማስፈቀድ ብቻ ነው። ድረ ገጹ የሚደርሰው «ባለቤቱ ተረጋግጧል» የሚል ምልክት እንጂ ምስል አይደለም። ይልቁንስ የሚያሳስበው ሌላ ነው። አሻራ በማይሠራበት ጊዜ የስክሪኑ መክፈቻ ቁጥር ይተካዋል። መክፈቻው 1234 ከሆነ፣ ወይም የቤቱ ልጆች ሁሉ የሚያውቁት ከሆነ፣ ስልኩን የያዘ ሁሉ በባለቤቱ ፓስኪ ይፈርማል። ሩቅ አገር ያለ አጭበርባሪ ግን ቁጥሩን ቢያውቅ እንኳ ስልኩ እጁ ላይ ስለሌለ ብቻውን አይጠቅመውም።

ላፕቶፕ ላይ ሁለት መንገድ አለ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ወይም የቅርብ ማክ ያለው ሰው በላፕቶፑ ላይ የራሱን ፓስኪ መክፈት ይችላል፤ አንድ አካውንት ብዙ ፓስኪ ይቀበላል። ሁለተኛው መንገድ የሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ሲሆን ይጠቅማል። በስልክ ልግባ ሲሉት ስክሪኑ ላይ ኪውአር ኮድ ይመጣል፤ በስልክ ካሜራ ይነበባል፤ ስልኩ አሻራ ይጠይቃል፤ ኮምፒዩተሩ ይገባል። ቁልፉ ከስልኩ ወደ ኮምፒዩተሩ አይተላለፍም።

ይህ መንገድ «አልሠራ አለኝ» የሚባልበት ዋና ምክንያት ብሉቱዝ ነው። በሁለቱም ላይ መከፈት አለበት፤ ብዙ የቢሮ ዴስክቶፖች ደግሞ ጭራሹኑ የላቸውም። ኢንተርኔት እያለ ብሉቱዝ ለምን ያስፈልጋል? ኪውአር ኮድ ፎቶው ተነስቶ ሊላክ ስለሚችል ነው። አጥቂው በራሱ ላፕቶፕ ላይ የወጣለትን ኮድ በቴሌግራም ልኮ «ይህን ስካን አድርገህ ሽልማትህን ውሰድ» ማለት ይችል ነበር። ብሉቱዝ የሚደርሰው ጥቂት ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ስልኩና ኮምፒዩተሩ እውነት አጠገብ ላጠገብ መሆናቸው በዚያ ይረጋገጣል። ፊርማው ራሱ የሚሄደው ተመስጥሮ በኢንተርኔት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም መስመር ላይ መሆን አለባቸው።

ስልኩ ቢጠፋስ? ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ተገቢም ነው። የሚሰካው ቁልፍ ከጠፋ ጠፋ፤ ለዚህ ነው ሁለት ግዙ የሚባለው። የስልክ ፓስኪ ግን በአብዛኛው ቅጂ አለው። በአይፎን አይክላውድ ውስጥ፣ በአንድሮይድ የጉግል የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ውስጥ ተመስጥሮ ይቀመጣል። አዲስ ስልክ ተገዝቶ በዚያው አካውንት ሲገባበት ፓስኪዎቹ ይመለሳሉ፤ ለመክፈት ግን የአካውንቱ ስም ብቻ አይበቃም፤ የቀድሞው ስልክ የስክሪን መክፈቻ ቁጥር ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ ፒን ይጠየቃል። ያ ቁጥር አፕልም ጉግልም ዘንድ ተጽፎ አይገኝም። በአሻራ ብቻ እየከፈቱ ቁጥሩን የረሱ ሰዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው፤ ወረቀት ላይ ጽፎ ቤት ማስቀመጥ ነውር የለውም።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር ሰው የተለየ አደጋ አለ፤ ከውጭ በሚመጡ ማብራሪያዎች ውስጥም አይገኝም። ስንቱ ሰው ነው የጉግል ወይም የአፕል አካውንቱን ራሱ የከፈተው? ስልኩ ሲገዛ የሱቁ ልጅ «ፕሌይ ስቶር እንዲሠራልዎ» ብሎ በደቂቃ ውስጥ ይከፍትለታል፤ የይለፍ ቃሉን ራሱ ይመርጣል፣ አንዳንዴም የማስታወሻ ስልክ ቁጥሩ የሱቁ ይሆናል። ባለቤቱ የኢሜይሉን አድራሻ እንኳ አያውቀውም። በሌላ ቤት ደግሞ ውጭ ያለ ልጅ አይፎን ሲልክ በራሱ አካውንት እንደገባ ይልከዋል፤ እናት፣ እህትና ልጅ በአንድ አይክላውድ ይኖራሉ። በእንዲህ ያለ ስልክ ላይ የሚከፈት ፓስኪ ወደዚያው አካውንት ስለሚገባ፣ በአካውንቱ ውስጥ ባሉ ስልኮች ሁሉ ላይ ይታያል። ሒሳቡ ከፓስኪው አሠራር ጋር ምንም ጠብ የለውም፤ ማኅደሩ ግን የሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ ፓስኪ ከመክፈት በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ከላይ ያለው ስምና ኢሜይል የማን እንደሆነ ማየት ይቀድማል። ጉግል ላይ myaccount.google.com ሲከፈት በደኅንነት ክፍሉ ሥር የመልሶ ማግኛ ስልክና ኢሜይል ተጽፈዋል፤ የማያውቁት ቁጥር ካለ ይነሳ፣ የይለፍ ቃሉም ይቀየር። ሁኔታው ከተበላሸ አዲስ አካውንት በራስ እጅ ከፍቶ መጀመር ይሻላል። ከዚያ በኋላ ፓስኪውን መክፈት ደቂቃ የማይወስድ ሥራ ነው፦ g.co/passkeys ላይ ገብቶ መፍጠሪያውን ነክቶ አሻራን ማስነካት። ስልኩ አንድሮይድ 9 ወይም ከዚያ በላይ፣ አይፎን ከሆነ አይኦኤስ 16 የሚቀበል መሆን አለበት፤ ይህም ከአይፎን 8 ጀምሮ ያለው ነው። የስክሪን መቆለፊያ የሌለው ስልክ ላይ ፓስኪ አይከፈትም።

ለውጭ አገር ኗሪው ደግሞ ጥቅሙ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ዋሽንግተን የሄደ ሰው ኢሜይሉ ከኢትዮጵያ ቁጥሩ ጋር ተሳስሮ ይቀራል። አዲስ ስልክ ሲገዛ ኮዱ የሚላከው አገር ቤት መሳቢያ ውስጥ ወዳለው ሲም ነው፤ እህቱ ሲሙን ፈልጋ፣ ቻርጅ አድርጋ፣ ኮዱን በስልክ እስክታነብለት ጊዜው ያልፋል። ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ካልሠራ ለሌላ ሰው ሊሰጥም ይችላል፤ ያኔ ኮዱ የማያውቁት ሰው እጅ ይገባል። ፓስኪ ሲም አይፈልግም። ዋትስአፕ እንኳ በአንድሮይድ ከ2023፣ በአይፎን ከ2024 ጀምሮ በአጭር መልእክት ኮድ ፈንታ በፓስኪ መልሶ መግባትን ፈቅዷል። ጉዞ ያለው ሰው ቲኬት እንደቆረጠ፣ ሲሙ ገና እየሠራ ሳለ ቢከፍተው ይመረጣል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የፓስኪን ትልቁን ድክመት መሸሸግ አልችልም፤ አብዛኛው አካውንት ላይ አሮጌው በር አልተዘጋም። ፓስኪ የከፈተ ሰው የጉግል የይለፍ ቃሉ አብሮት ይኖራል። ማይክሮሶፍት ቃሉን ጨርሶ ማጥፋት ይፈቅዳል፤ ጉግል ግን ሲቻል ፓስኪውን ያስቀድማል እንጂ ቃሉን አይሰርዝም። አጥቂዎች ይህን ያውቃሉ። ሐሰተኛው ገጽ ስለ ፓስኪ አይጠይቅም፤ ወይም «ፓስኪዎ ለጊዜው አይሠራም፣ በይለፍ ቃል ይግቡ» ይላል። ሰውየው ከጻፈ ተመልሰን እዚያው ነን።

ምልክቱ ግን አለ። ሁልጊዜ በአሻራ የሚገቡበት አገልግሎት አንድ ቀን ፓስኪውን ሳያቀርብ ቃል ከጠየቀ፣ ስልኩ ለዚያ አድራሻ ፓስኪ አላገኘም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ዝምታው ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ያን ጊዜ ገጹን ዘግቶ አድራሻውን በእጅ ጽፎ ወይም መተግበሪያውን ከፍቶ መግባት ነው። የበለጠ የሚጠነቀቅ፣ ለምሳሌ ጋዜጠኛ ወይም የድርጅት ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሰው፣ የጉግልን የላቀ ጥበቃ ፕሮግራም መቀላቀል ይችላል፤ ከ2024 ጀምሮ የሚሰካ ቁልፍ ሳይገዙ በፓስኪ ይገባበታል። በይለፍ ቃል ብቻ መግባት ይቀራል፤ የጠፋ አካውንት መልሶ ማግኘትም ሆን ተብሎ ይጠብቃል፣ ይዘገያል።

ሌላው ፓስኪ የማይደርስበት ቦታ ከገባን በኋላ ያለው ነው። አንዴ በሩ ሲከፈት ድረ ገጹ በየገጹ አሻራ እንዳይጠይቀን ኩኪ የሚባል ትንሽ የምስክር ጽሑፍ ብሮውዘሩ ውስጥ ይተዋል። ላፕቶፑ ላይ የተጫነ ክፉ ፕሮግራም ያን ፋይል ቀድቶ ከላከ፣ አጥቂው መግባት ሳያስፈልገው እንደገባ ሰው ይቆጠራል። ፊርማውን ማንም አላታለለም፤ ከፊርማው በኋላ የተሰጠው ወረቀት ነው የተሰረቀው። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የሚገቡት «ክራክ» በተደረጉ ሶፍትዌሮች ተጠቅልለው ነው፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረውን ዊንዶውስና ኦፊስ የጫነ ሁሉ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው። ጉግል በ2024 ኩኪውን ከኮምፒዩተሩ ቺፕ ጋር የሚያስር አዲስ አሠራር እያዘጋጀ መሆኑን አስታውቋል፤ ሐሳቡ ከፓስኪ ጋር አንድ ነው፣ የተቀዳው ፋይል ያለ ቺፑ ፊርማ እንዳያገለግል ማድረግ። myaccount.google.com/device-activity ላይ አካውንቱ የተከፈተባቸው መሣሪያዎች ተዘርዝረው ይገኛሉ፤ የማያውቁትን ወይም የሸጡትን መሣሪያ ከዚያ ማስወጣት ይቻላል።